ጃኬቱ ቀድሞኝ ደሴ ገብቷል፦ ለሁሉም የሚነበብና ማንንም የማያገል የቀልድ ካሮሴል አሠራር

ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሆኖም በዚህ አጭር መንገድ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ሲሠራ ይታያል። ደሴ ላይ ተጠቅልሎ ይሳፈራል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ አንድ በአንድ ያወልቃል፣ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ያወለቀውን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ከ1,800 እስከ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ የአየሩ ለውጥ በቆዳ ላይ የሚታወቅ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህ አንድ ትዝብት ተነሥቶ ሰባት ስላይድ ያለው፣ በጣት እየተገፋ የሚነበብ የቀልድ ካሮሴል እንዴት እንደሚሠራ፣ እኔ ስሠራው የተሳሳትኩትንም ጨምሮ፣ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ደረጃ 1፦ ትዝብቱን እንደታየ መጻፍ

የዕለት ተዕለት ትዝብት ወደ ቀልድ የሚለወጠው አንባቢው «ይኼ እኮ እኔ ነኝ» ሲል ነው፤ ይህን የሚያስብለው ደግሞ አጠቃላይ አባባል ሳይሆን ትንሽ ዝርዝር ነገር ነው። «የደሴ ብርድ ከባድ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስቅም። «ሚኒባሱ ውስጥ ሁላችንም ተጠቅልለናል፣ መስኮት የሚከፍት የለም» የሚለው ግን፣ ያንን ወንበር የሚያውቅ ሰው ሁሉ የራሱን ጉልበት ከፊት ወንበር ጋር ተጣብቆ እንዲያየው ያደርገዋል።

ስለዚህ ማስታወሻ ሲያዝ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ የት እንደታየ፣ ሰዎቹ ምን እንዳደረጉ፣ የተባለ ቃል ካለ ደግሞ ቃሉ ራሱ። አስተያየት ገና አይጻፍ። የእኔ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «ሚኒባስ፣ ማለዳ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ በመጀመሪያው መታጠፊያ ሻርፑን፣ በሁለተኛው ሹራቡን አወለቀ። ማንም ምንም አልተናገረም። ሲወርድ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ረሳው።» ቀልዱ ያለው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ያን ቀን ግን አላስተዋልኩትም፤ ያየሁት ስለ ሙቀትና ብርድ የሚሆን ጨዋታ ብቻ ነበር።

ትዝብቱ ለካሮሴል ይበቃ እንደሆነ ለማወቅ ለሦስት ሰዎች በቃል መንገር ያስፈልጋል፤ አንዱ መንገዱን በየሳምንቱ የሚሄድበት፣ አንዱ ወሎን ጭራሽ የማያውቅ፣ አንዱ ደግሞ በዕድሜ የገፋ ይሁን። ወሎን የማያውቀው ሰው ማብራሪያ ከጠየቀ ቀልዱ ወድቋል ማለት አይደለም፤ የጠየቀው ነገር በመጀመሪያው ስላይድ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ነው የሚነግረን። እኔን የጠየቀኝ «ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለ ነው?» ብሎ ነበር። ይህን በቃላት ከማስረዳት ይልቅ የሚወርድ መንገድ በሥዕል ማሳየት በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ደረጃ 2፦ የመጨረሻውን ስላይድ መጀመሪያ መጻፍ

ብዙ ካሮሴሎች የሚበላሹት ከመጀመሪያው ስላይድ ተጀምረው ስለሚጻፉ ነው። ጸሐፊው አስቂኝ የመሰለውን ሁሉ እየደረደረ ሄዶ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የቀረው ነገር ስለማይኖር፣ «እናንተስ አጋጥሟችኋል?» ብሎ ይዘጋል። የእኔም የመጀመሪያ ረቂቅ አሥራ አንድ ስላይድ የነበረው፣ መጨረሻ ግን ያልነበረው ነበር።

መጨረሻው ሲገኝ የቀረው በራሱ ይስተካከላል። ረቂቁን ትቼ ወደ ማስታወሻዬ ስመለስ የተረሳውን ጃኬት አገኘሁት። ሚኒባሱ ኮምቦልቻ ላይ ሰው አራግፎ፣ ጭኖ ወደ ደሴ ይመለሳል፤ ጃኬቱም አብሮ ይመለሳል። ባለቤቱ ማታ ላይ በአጭር እጅጌ መናኸሪያ ቆሞ ተራ ሲጠብቅ ጃኬቱ ቤቱ አጠገብ ደርሷል። ስለዚህ መዝጊያው «ቀድሞኝ ደሴ ገብቷል» ሆነ፤ ወደዚህ የማያደርሱ አራት ስላይዶችም ወጡ። የቀሩት ሰባቱ እነሆ፦

1. ደሴ፣ ማለዳ። እናቴ ከበር ላይ፦ «ጃኬት!»
2. ሚኒባሱ ውስጥ ሁላችንም ተጠቅልለናል። መስኮት የሚከፍት የለም።
3. ሐረጎ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ። አንዱ ሻርፑን ፈታ።
4. ሁለተኛው መታጠፊያ፦ ሹራብ። ሦስተኛው፦ መስኮት።
5. ኮምቦልቻ። ሁላችንም በአጭር እጅጌ ወረድን።
6. ማታ ወደ ደሴ ልመለስ ስል፣ ጃኬቴ ለካ…
7. ቀድሞኝ ደሴ ገብቷል።

እያንዳንዱ ስላይድ በአንድ ትንፋሽ የሚነበብ ሲሆን፣ ከዘጠኝ ቃላት አይበልጥም። በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል ዓረፍተ ነገሩ የተቆረጠበት ቦታ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ባለቤቱን በአንድ ስላይድ ትቶ ግሡን ወደሚቀጥለው ማሻገር ይቻላል፤ አንባቢው «ጃኬቴ ለካ» ብሎ ሲቆም ጠፋ፣ ተሰረቀ፣ ተቀደደ የሚሉት ሁሉ በአእምሮው ይመላለሳሉ። ቋንቋው በነጻ የሰጠንን ይህን ማንጠልጠያ «መጨረሻውን ለማየት ይግፉ» በሚል ጽሑፍ ማበላሸት አያስፈልግም።

አምስተኛው ስላይድ ላይ ጃኬቱ ስለመረሳቱ በጽሑፍ አንድም ቃል የለም። ሥዕሉ ላይ ግን ሰዎቹ ሲወርዱ፣ ከኋላቸው በሚኒባሱ መስኮት ውስጥ ወንበር ላይ የቀረ ጃኬት ይታያል። ያስተዋለው አንባቢ ቀድሞ ፈገግ ይላል፤ ያላስተዋለው ደግሞ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ያየዋል።

ደረጃ 3፦ «አንተ» የሚለውን አጥር ማንሣት

የመጀመሪያው ረቂቅ «የደሴ ልጅ ከሆንክ ይህን ታውቀዋለህ» ብሎ ነበር የሚጀምረው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንብባ ስልኩን መለሰችልኝና «እኔን አይደለም የምታወራው» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአማርኛ ሁለተኛ መደብ ነጠላ ወንድና ሴት ለይቶ ስለሚጠራ፣ «ከሆንክ» ያለ ሰው ገና በመጀመሪያው ቃል የአንባቢዎቹን ግማሽ በር ላይ ትቷቸዋል። «ከሆንክ/ሽ» ብሎ በአዝባር መለየት ደግሞ ቅጽ እንደ መሙላት ነው፤ የቀልዱን ምት ይገድለዋል፤ ጮክ ብሎ ለማንበብም አይመችም።

መውጫው ሦስት ነው። አንደኛው «እኛ» ማለት ነው፤ «ተጠቅልለናል»፣ «ወረድን» ሲባል ጸሐፊውም አብሮ ስለሚሳቅበት ቀልዱ ይለሰልሳል። ሁለተኛው «እኔ» ብሎ ራስን መሳቂያ ማድረግ ነው፤ «ቀድሞኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ወንድነትም ሴትነትም የለም። ሦስተኛው ንግግርን ያለ ግሥ መተው ነው። እናቲቱ በረቂቁ ላይ «ጃኬትህን ያዝ» ትል ነበር፤ አሁን «ጃኬት!» ብቻ ትላለች፤ የሚገርመው እናቶች በር ላይ ቆመው የሚሉትም በእርግጥ ይህንኑ መሆኑ ነው። «እናንተ» ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን ጸሐፊውን ከመድረክ ላይ እንደሚናገር ሰው ስለሚያስመስለው እኔ አልመርጠውም።

ደረጃ 4፦ የሚሳቀው በማን ኪሳራ እንደሆነ መጠየቅ

ከወጡት አራት ስላይዶች መካከል አንዱ የሚኒባሱን ረዳት የሚመለከት ነበር፤ አማርኛውን በኦሮምኛ ቅላጼ ሲናገር በጽሑፍ አስመስዬው ነበር። ረቂቁን ለከሚሴ ልጅ ለሆነ ጓደኛዬ ሳሳየው አልተቆጣም፤ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ረዳቱን ብታወጣው ከታሪኩ ምን ይጎድላል?» ምንም አይጎድልም ነበር። ጃኬቱ ያለ እሱም ይረሳል። ደቡብ ወሎን ይዞ የኦሮሞ ልዩ ዞንን፣ አርጎባንና የአፋርን ወሰን በሚነካ አካባቢ ላይ የሚጻፍ ቀልድ ውስጥ የሰው አነጋገር ብቻውን መሳቂያ ከሆነ፣ ያ ሰው ቀልዱን ሲያነብ የሚያየው ራሱን ሳይሆን ሲሳቅበት ነው።

የጓደኛዬን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ እንደ መመዘኛ እጠቀምበታለሁ፤ አንድ ሌላም ጨምሬበታለሁ። በቀልዱ ውስጥ ያለውን ሰው በሌላ አገር፣ በሌላ ሃይማኖት ወይም በሌላ ዕድሜ ሰው ተክቶ ማንበብ ነው። ተተክቶም ካሳቀ፣ የሚያስቀው ድርጊቱ ነው። ሲተካ ከሞተ፣ ያስቅ የነበረው ሰውዬው ማን መሆኑ ነበር ማለት ነው። ጃኬቱን የረሳው ሰው ከወልድያም ይምጣ ከሐይቅ፣ አስተማሪም ይሁን ነጋዴ፣ ቀልዱ አይለወጥም። «የወሎ ቆንጆ» የሚለውን የቆየ ወሬ ይዘው የሚሠሩ ቀልዶች ግን ይህን መመዘኛ አያልፉም፤ እንደ ሙገሳ ቢቀርቡም ሴቶቹን ከተሳፋሪነት አውጥተው ዕቃ ያደርጓቸዋል።

በዚህ ካሮሴል ላይ እጅግ ጥንቃቄ የጠየቀው የሚወልቀው ልብስ ነበር። ቀልዱ በሙሉ በማውለቅ ላይ ስለተመሠረተ፣ በረቂቁ ሥዕል ላይ አንዲት ሴት የራስ መሸፈኛዋን ስታወርድ ስዬ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ሂጃብ ለብርድ የሚለበስ አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ እናት ነጠላም እንደዚሁ። ሁለቱም ጎን ለጎን በሚቀመጡበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ሙቀት ሲመጣ የሚወልቁትን ጃኬት፣ ሻርፕ፣ ሹራብና ጋቢ ብቻ አድርጌ፣ መሸፈኛ ያደረጉትን ተሳፋሪዎች መስኮት ሲከፍቱ ሣልኳቸው። ሦስተኛው መታጠፊያ «መስኮት» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከፊተኛው ረቂቅ ይልቅ እንዲያውም ያስቃል።

ምግብና መጠጥ የሚገባበት ቀልድ ላይም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። ረቡዕና ዓርብ የሚለጠፍ የጥብስ ቀልድ ጿሚውን፣ የጠላ ቀልድ ሙስሊሙን አንባቢ ከጨዋታው ያስወጣል፤ ሁሉም የሚቀመጥበት የቡና ረከቦት እያለ ለምን ይህ እንደሚመረጥ አይገባኝም። ሌላው ያወጣሁት ስላይድ በገደሉ ላይ የሚቀልድ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ዘመድ ያጣ አንባቢ መኖሩን ለማሰብ ብዙ ምርምር አይጠይቅም።

ደረጃ 5፦ ፊደሉ እንዲታይ ማድረግ

የስላይዱ ስፋት 1080 በ1350 ፒክስል ይሁን። ኢንስታግራም የመጀመሪያውን ስላይድ ቅርጽ ለቀሩትም ስለሚጠቀምበት፣ ሰባቱም በአንድ መጠን ይዘጋጁ። ከዳር ዳሩ 100 ፒክስል ባዶ ሲተው ለጽሑፍ 880 ፒክስል ይቀራል። ፊደሉ ከ64 ፒክስል እንዳያንስ፤ በዚህ መጠን አንድ መስመር ከ15 እስከ 18 ፊደል ይይዛል፤ ይህም ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። ከሦስት መስመር በላይ ከሆነ ፊደሉን ማሳነስ ሳይሆን ቃል መቀነስ ነው የሚገባው።

የግዕዝ ፊደል ከላቲን ይልቅ ለማሳነስ የማይመች መሆኑን ብዙ የዲዛይን መመሪያዎች አይነግሩንም። በ«ን» እና በ«ኝ»፣ በ«ለ» እና በ«ሉ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትንሽ ምልክት ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ ወይም ከልክ በላይ ሲደምቅ ምልክቷ ትዋጣለች። ስለዚህ እጅግ ወፍራም የሆነውን ትቶ መካከለኛ ውፍረት መጠቀም፣ በመስመርና በመስመር መካከልም የፊደሉን አንድ ተኩል ያህል ርቀት መስጠት ይገባል። `Noto Sans Ethiopic` በነጻ የሚገኝ፣ የተለያየ ውፍረት ያለውና ለዚህ ሥራ የሚስማማ ፊደል ነው። የተመረጠው ፊደል አማርኛ ከሌለው ጽሑፉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል፤ የላቲኑን ዘመም አጻጻፍ በግዕዝ ላይ መጫንም ፊደሉን ከማጣመም በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ጽሑፉን ከኋላው ካለው ቀለም የሚለየው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን እንዳለበት የድረ ገጽ ተደራሽነት መለኪያ ይደነግጋል፤ ይህን የሚለኩ ነጻ መሣሪያዎች አሉ። እኔ ሳልለካ የመጀመሪያውን ስላይድ ጭጋግ በሸፈነው የጦሳ ተራራ ፎቶ ላይ በነጭ ፊደል ሠራሁት፤ በክፍሌ ውስጥ ሳየው ያምር ነበር። ኮምቦልቻ ለምትኖረው አክስቴ ቀትር ላይ ግቢዋ ውስጥ ሳሳያት ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ አራቀች፣ በእጇ አጠለለችና «አንተ ልጅ፣ ይኼ ጭጋግ ነው ወይስ ጽሑፍ?» አለችኝ። ፎቶው ወጣ፤ በፈዛዛ ክሬም መደብ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ፊደል ገባ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ ደጅ ወጥቼ፣ የስልኩን ብርሃን ግማሽ አድርጌ ሳላየው አልለጥፍም።

የጽሑፍ ቋንቋችን ጥብቀትን ስለማያመለክት፣ በቃል ሲነገር የማያሻማ ነገር ሲጻፍ ያሻማል። ሦስተኛው ስላይድ መጀመሪያ «ገና ሐረጎ ላይ» የሚል ነበር፤ «ጉዞው አላለቀም» ለማለት ነው። ሁለት አንባቢዎች ግን በዓሉ መስሏቸው የገናን ዛፍ በሥዕሉ ላይ ሲፈልጉ ቆዩ። ብቻቸውን በትልቁ የሚጻፉ አጫጭር ቃላት ለዚህ ስሕተት ይበልጥ የተጋለጡ ስለሆኑ፣ ስላይዱን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ በልቤ ሳነበው ሁልጊዜ ትክክል ነው።

ደረጃ 6፦ ለማያይ አንባቢና ለቴሌግራም ማዘጋጀት

ምስል ላይ የተጻፈ ጽሑፍ በድምፅ አንባቢ ለሚጠቀም ሰው የለም ማለት ነው። ስለዚህ የሰባቱም ስላይድ ቃል በቅደም ተከተል ከሥሩ ባለው መግለጫ ላይ ይጻፍ፤ ኢንስታግራም 2,200 ፊደል፣ ቴሌግራም ለተራ ተጠቃሚ ከምስል ጋር 1,024 ፊደል ስለሚፈቅዱ ቦታው ይበቃል። በተጨማሪም ኢንስታግራም ላይ `Alt text` በሚለው ቦታ የእያንዳንዱ ሥዕል መግለጫ ይገባል። በእኛ ካሮሴል ላይ አምስተኛው ሥዕል ፍንጩን ስለያዘ «ተሳፋሪዎች ሲወርዱ፤ ከኋላቸው በመስኮቱ በኩል ወንበር ላይ አንድ ጃኬት ይታያል» ብሎ ማስፈር የግድ ነው። «ተረስቶ» የሚለውን ቃል ግን አልጨመርኩም፤ የሚያዳምጠውም ሰው እንደሚያየው ሰው ራሱ ይድረስበት።

ቴሌግራም ላይ ሌላ ችግር አለ። በአንድ ላይ የተላኩ ምስሎች ተራ በተራ ሳይሆን እንደ ንጣፍ ተደርድረው ስለሚታዩ፣ አንባቢው ሳይከፍታቸው ሰባተኛውን ያየዋል፤ ጃኬቱ ከደሴ ሳይነሣ ደሴ ገባ ማለት ነው። ሁለት መፍትሔ አለ። ከስድስተኛው ጋር ሳይቀላቀል ሰባተኛውን ለብቻው ማስከተል፣ ወይም ከመላኩ በፊት ሰባተኛውን ምስል በነካ ጊዜ ብቻ እንዲገለጥ መሸፈን። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለብቻው የተላከው ምስል ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ከስድስቱ ሊነጠል ይችላል። መግለጫው ላይም የሰባተኛው ቃል ከስድስቱ በብዙ መስመር ዝቅ ብሎ ይጻፍ።

ደረጃ 7፦ የአንባቢን ጣት መመልከት

ከመለጠፉ በፊት ካሮሴሉን ላላየ ሰው ስልኩን ሰጥቶ ዝም ማለት ነው፤ የሚታየው ፊቱ ሳይሆን ጣቱ ነው። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ከተመለሰ ሁለተኛው አልገባውም። ሰባተኛው ላይ ደርሶ ወደ አምስተኛው ከተመለሰ ግን ጃኬቱን ፍለጋ ነውና የተፈለገው ይህ ነው። አንዱ ስላይድ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ከቆየ ቃሉ በዝቷል ወይም ፊደሉ አንሷል።

ኢንስታግራም ከተለጠፈ በኋላ መግለጫውን ማረምና አንድን ስላይድ ነጥሎ ማጥፋት ይፈቅዳል እንጂ በሌላ መተካት አይፈቅድም፤ ቴሌግራም ግን ምስሉንም መቀየር ያስችላል። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ስሕተት ቢገኝ አጥፍቶ መቀጠል ይቻላል፤ ሰባተኛው ቢጠፋ ግን ቀልዱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የመጨረሻው ስላይድ ፊደል በፊደል፣ ከኋላ ወደ ፊት ጭምር ይነበብ። የእኔው ላይ ሦስት ሰዎች ካለፉት በኋላ አራተኛዋ አንባቢ «ከማን ጋር ነበርክ?» ስትል ጠየቀችኝ። የጻፍኩት «ቀድሞን ደሴ ገብቷል» ብዬ ነበር።